ማን? መቼ? ቃለ መሐላን ከመፈረም በፊት ማረም

ጅማ ተቀምጠን በአማርኛ የምንጽፈው ቃለ መሐላ ብዙ ጊዜ መድረሻው አዲስ አበባ ነው። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የአማርኛው ወረቀት ጉዳዩ ወዳለበት የፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባለጉዳዩ አጠገቡ ቆሞ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» የሚልበት ዕድል ላይኖር ይችላል። ወረቀቱ ያለው ነው የሚነበበው።

በመጻፍና በማረም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ቃለ መሐላን የሚያበላሸው ምን እንደሆነ በእጄ አውቀዋለሁ። የፊደል ግድፈት ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ግሡ ላይ ያለው ነገር ነው። አማርኛ «ማን አደረገ»ንም «መቼ አደረገ»ንም «አደረገ ወይስ ተደረገበት»ንም አንድ ግሥ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። አንድ ፊደል ሲዛነፍ የተማለበት ነገር ይለወጣል።

አንድ ረቂቅ ይዘን እንሥራ። ባለጉዳዩን እንዳይገልጥ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። ሰውየው የጅማ ቡና ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ተከሶ መንገድ ላይ ቀረና ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ ታዘዘ። ትእዛዙ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይፈልጋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 ለእንዲህ ያለው ተከሳሽ ትእዛዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 1 ወር ይሰጠዋል። የቀረበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት ደግሞ የእሱ ፈንታ ነው። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ረቂቁ ይኸው፦

«አመልካች የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን በጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀጠሮ ለመገኘት ጠዋት ከጅማ ተነስቼ ጊቤ ስንደርስ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቶብኝ ቆመናል። ለአጎቱ ልጅ ይደውላል ስልኩ አይሠራም። በኋላም በሌለበት እንዲታይ መታዘዙ ተነግሮኛል። መጥሪያ ደርሶኝ ነበር፣ ግን ሆን ብዬ አይደለም የቀረሁት፣ ፈጣሪ ያውቃል።»

ስታነቡት ይገባችኋል። ችግሩም እሱ ነው። የሚገባችሁ ታሪኩን ከእኔ አስቀድማችሁ ስለሰማችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት በሰፊ የመስመር ክፍተት አትሙት። ስክሪን ላይ ማረም ዓይንን ያታልላል። እርሳስ ያዙና እያንዳንዱን ግሥ አስምሩበት። የአማርኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ማግኘቱ ቀላል ነው። ከአራት ነጥቡ ወደ ኋላ መጥታችሁ ታገኙታላችሁ። ከዚያ መሐል ላይ ያሉትን፣ ማለትም «ተነስቼ»፣ «ስንደርስ»፣ «ተገልብጦ» የመሳሰሉትን አስምሩ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ። መደብ፣ ጊዜና አድራጊን በአንድ ንባብ አርማለሁ ያለ ሰው ሁለቱን ያልፋቸዋል።

አንደኛ ዙር፦ ማን ነው የሚናገረው?

ረቂቁን ተመልከቱ። «አመልካች» ብሎ በሦስተኛ መደብ ጀመረ። «ስሆን»፣ «ተነስቼ» ሲል እኔ ሆነ። «ስንደርስ»፣ «ቆመናል» ሲል እኛ ሆነ። «ይደውላል» ላይ እንደገና እሱ ሆነ። «ተነግሮኛል» ላይ ወደ እኔ ተመለሰ። በአራት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ተናጋሪ።

ይህ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ልንገራችሁ። ማመልከቻውን የሚጽፈው ሰው «አመልካች» ማለት ለምዷል። ባለጉዳዩ ደግሞ «እኔ» እያለ ይነግረዋል። ጸሐፊው ግማሹን ይገለብጣል፣ ግማሹን እንደሰማው ይተወዋል። ማመልከቻ ላይ «አመልካች» ማለት ችግር የለውም። ቃለ መሐላ ግን የሚምል ሰው ቃል ነው። የሚምለው ራሱ ስለሆነ አንደኛ መደብ ይሁን። መግቢያው ላይ «እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው አመልካች» ብላችሁ አንድ ጊዜ ካሰራችሁት በኋላ፣ እስከ ፊርማው ድረስ እኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። Ctrl+H ተጭናችሁ «አመልካች» የሚለውን በሙሉ በ«እኔ» አትተኩ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አድርጌው «እኔ በቀጠሮው ሄደ» የሚል ወረቀት አወጣሁ። «በአመልካችነት» የሚለውም «በእኔነት» ሆኖ ፍልስፍና መሰለ። ስሙ ሲቀየር ግሡ አብሮ አይቀየርም። Ctrl+F ብላችሁ ቦታውን ብቻ ፈልጉ፣ ግሡን በእጅ አርሙ።

መደብ ግሥ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። «ቤቴ»፣ «ቤቱ» ላይም አለ። «ደረሰኝ»፣ «ደረሰው» ላይም አለ። በረቂቁ ውስጥ «ለአጎቱ ልጅ» የሚለው የማን አጎት ነው? የነጋዴው ነው። የሚያነብ ሰው ግን ከላይ መኪና ስላየ የሾፌሩ አጎት ሊመስለው ይችላል። «ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ» ሲባል ጥያቄው ያልቃል። ስለዚህ ግሦቹን ከጨረሳችሁ በኋላ በ«ኡ» የሚያልቁ ስሞችን አንድ በአንድ እዩ።

«እኛ» ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ነጋዴው ብቻውን አልተጓዘም። ግን «እኛ» ሲመጣ እነማን እንደሆኑ አንድ ጊዜ ይነገር፦ «እኔና ሌሎች ተሳፋሪዎች»።

ደግሞ አክብሮታችን የሚያመጣው ጣጣ አለ። «ነገሩኝ» ስንል አንድ የተከበሩ ሰው ናቸው ወይስ ብዙ ሰዎች? ጽሑፉ አይለይም። አንዱ አንቀጽ ላይ «አጎቴ ነገሩኝ»፣ ሌላው ላይ «አጎቴ ነገረኝ» ከተባለ ደግሞ ሁለት አጎት ያለው ይመስላል። አንቱታውን መተው ካልፈለጋችሁ አትተዉት። ብቻ ለአንድ ሰው አንድ ዓይነት ይሁን፣ ስሙም ይጠራ።

«ደወልኩ» ወይስ «ደወልሁ»? ሁለቱም ትክክል ነው። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት። እኔ ጅማ ውስጥ የሚነገረው «ደወልኩ» ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። የሚፈርመው ሰው ሲነበብለት የራሱ ቃል ሊመስለው ይገባል።

ሁለተኛ ዙር፦ መቼ?

ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። «ጊዜው ወጥ ይሁን» ሲባል ሁሉንም ግሥ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይጎትታል። «የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ» የሚለውን «ነዋሪ ነበርኩ» ያደርገዋል። ሰውየው በአንድ ምት ከከተማው ተሰደደ! ወጥ ማለት አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ነገር የየራሱን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይያዝ ማለት ነው።

ዛሬም እውነት የሆነ ነገር የአሁን ጊዜ ይሁን፦ «ነዋሪ ነኝ»፣ «በቡና ንግድ እተዳደራለሁ»። ሆኖ ያለፈ ድርጊት ኃላፊ ጊዜ ይሁን፦ «ተነሳሁ»፣ «ደወልኩ»፣ «ገባሁ»። መሐላው ራሱ አሁን ስለሚፈጸም «አረጋግጣለሁ» ነው።

«ነበር» ላይ ቆም በሉ። በአማርኛ «ነበር» ብዙ ጊዜ «ግን» የሚል ጅራት አለው። «መጥሪያ ደርሶኝ ነበር» ሲባል አንባቢው «ከዚያስ ምን ሆነ? ጠፋበት?» ይላል። መጥሪያው ደርሶታል፣ በዚያ ላይ ክርክር የለም። እንግዲያው «መጥሪያ ደርሶኛል» ይበል። «ነበር» የሚያስፈልገው አንድ ነገር ከሌላው ቀድሞ መሆኑን ማሳየት ስንፈልግ ነው፦ «ጊቤ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር»። እኛ ከመድረሳችን በፊት ተዘግቷል ማለት ነው። እዚህ ጋ «ነበር»ን ብታነሱት ትርጉሙ ይጎድላል።

ቀጥሎ የአፍ ወግ ጊዜ አለ። ታሪክ ስንነግር «ይደውላል፣ ስልኩ አይሠራም፣ ሾፌሩ እንዲህ ይለኛል» እንላለን። ቡና ላይ ሲወራ ያምራል። ወረቀት ላይ ግን «ስልኩ አይሠራም» ማለት ዛሬም አይሠራም ማለት ነው። «ደወልኩ፣ ስልኩ አልሠራም» ብላችሁ ቀይሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰንሰለቱ ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ቦዝ አንቀጽ የሚሉትን ግሥ ታውቁታላችሁ፦ «ተነስቼ፣ ተገልብጦ፣ ተዘግቶ»። ይህ ግሥ የራሱ ጊዜ የለውም። ጊዜውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ካለው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ስለዚህ አምስት ቦዝ ደርድራችሁ መጨረሻ ላይ «ቆመናል» ብትሉ፣ አምስቱም የመቼ እንደሆኑ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥለዋል። በዚያ ላይ ባለቤቱ መሐል ላይ ይቀያየራል፦ «ተነስቼ» እኔ፣ «ተገልብጦ» መኪናው፣ «ተዘግቶብኝ» መንገዱ። የእኔ ልማድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሁለት ቦዝ በላይ ካየሁ መቁረጥ ነው። በየተቆረጠበት ቦታ ሙሉ ግሥ ይገባል። ሙሉ ግሥ ሲገባ ደግሞ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል።

በነጋዴው ላይ የሆነውም ይኸው ነው። «ቆመናል» የሚለውን «ቆምን» ለማድረግ ስቆርጠው «መቼ? እስከ መቼ?» የሚል ክፍተት ታየኝ። ረቂቁ «በጥቅምት 12 ቀጠሮ ለመገኘት ጠዋት ተነስቼ» ስለሚል በዚያው በቀጠሮው ቀን ጠዋት የተነሳ ይመስላል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀጠሮው ሰዓት ከጠዋቱ 3፡00 ነበር። በዚያው ጠዋት የተነሳ ሰው መንገዱ ባይዘጋም አይደርስም። ዳኛ ይህን ሲያነብ «ሲጀመር ዘግይቶ ነው የተነሳው» ይላል። ሰውየውን ስጠይቀው «አይ፣ እኔማ ጥቅምት 11 ነው የወጣሁት፤ እዚያው ጊቤ አደርን» አለኝ። በረቂቁ ውስጥ የለም። በሰንሰለቱ ውስጥ ጠፍቶ ነበር።

ልብ በሉ፣ ቀኑን እኔ አልጨመርኩም። ጠይቄ እሱ ነገረኝ። አራሚ ክፍተት ካየ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል እንጂ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አይሞላም። የሚምለው እሱ ነው፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በወንጀል የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ሦስተኛ ዙር፦ አደረገ ወይስ ተደረገ?

የቢሮ አማርኛ ተደራጊ ግሥ ይወዳል። «ተገልጿል፣ ተነግሮኛል፣ ተወስኗል።» ጨዋ ይመስላል። በቃለ መሐላ ግን አድራጊውን ይደብቃል። ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 205 የምንማረው መሠረታዊ ነገር ቃለ መሐላ የሚሰጥ ሰው ራሱ በሚያውቀው ነገር ላይ መወሰን እንዳለበት ነው። «ተነግሮኛል» ስትሉ ማን ነገራችሁ? መቼ?

በእኛ ጉዳይ ይህች ግሥ የሕይወት ጉዳይ ናት። አንዱ ወር የሚቆጠረው ካወቀበት ቀን ነው ብለናል። «መታዘዙ ተነግሮኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነጋሪውንም ቀኑንም ውጧል። ስንከፍተው እንዲህ ሆነ፦ «የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅምት 12 ቀን ነገረችኝ። ትእዛዙን በዚያው ቀን ራሴ አነበብኩ።» የሰማው ከማን እንደሆነ ታወቀ፣ ራሱ ያየውም ተለየ፣ ወሩም መነሻ አገኘ።

ታዲያ ተደራጊ ግሥን ሁሉ ማጥፋት አይደለም። ፈተናው አንድ ነው። ግሡ ላይ «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከታወቀና ለጉዳዩ ከጠቀመ ወደ አድራጊ ቀይሩት። ካልታወቀ እንዳለ ተዉት። «መንገዱ እስከ ንጋት አልተከፈተም» ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። ማን እንደሚከፍተው ነጋዴው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። «የጭነት መኪና ተገልብጦ» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ሲገለበጥ አየ? አላየም። ሲደርስ ተገልብጦ ነው ያገኘው። «የተገለበጠ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አየሁ» ሲል ያየውን ብቻ ማለ።

ተደራጊውን ለማግኘት «ተ»ን በኮምፒውተር መፈለግ አይበቃም። «ተነሳሁ»፣ «ተቀበልኩ»፣ «ተሳፈርኩ» በ«ተ» ይጀምራሉ፣ ግን አድራጊው እኔ ነኝ። በተቃራኒው «ይከፈላል» ውስጥ «ተ» የለም፣ ግን ተደራጊ ነው። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ «ፍ» እና «ፈ»። አንዱ ባለዕዳውን ይጠራል፣ ሌላው ይሰውረዋል። በችኮላ ሲተየብ ይህቺ ናት የምትሳተው። «ይሰማል» ደግሞ ጭራሽ በጽሑፍ አይለይም። ላልቶ ሲነበብ እሱ ይሰማል፣ ጠብቆ ሲነበብ እሱን ሌላ ሰው ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ግሥ ካጋጠማችሁ ዐረፍተ ነገሩን ለውጡት።

ቃላቱን ማጽዳት

ይህኛው ዙር ፈጣን ነው። «ፈጣሪ ያውቃል» ይውጣ። መሐላው ራሱ በቂ ነው። «በጣም»፣ «እኮ»፣ «ምናምን» ይውጡ። «ስለዚ» «ስለዚህ» ይሁን፣ «እነዛ» «እነዚያ» ይሁን። «ተዘግቶብኝ» ላይ ያለችው «ብኝ» ምሬት ናት። መንገዱ የተዘጋው በእሱ ላይ አይደለም። «ተዘግቶ» ይበቃል። «ሆን ብዬ አይደለም የቀረሁት» የንግግር ቅደም ተከተል ነው፤ «የቀረሁት ሆን ብዬ አይደለም» ብላችሁ ግሡን ወደ ቦታው መልሱት።

ግን ከመጠን በላይ አታስከብሩት። «ጉዞ የተደረገ ሲሆን፣ የስልክ ጥሪም የተከናወነ ሲሆን» የሚል አማርኛ አለ። ይህ ደንበኛ አማርኛ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። «ተጓዝኩ፣ ደወልኩ» በሉ። በተለይ «ሲሆን» የምትለዋ ቃል አስተማማኝ ምልክት ናት። ባያችኋት ቁጥር እዚያ ጋ አራት ነጥብ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሞክሩ።

የስሞችን አጻጻፍ ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። መታወቂያው ላይ «ሀ» ከሆነ «ሐ» አታድርጉት። ሌላው ቃል ላይ «መሐላ»ም ሆነ «መሃላ» አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ። ቀን ሁሉ «ዓ.ም.» ይኑረው፣ ሰዓት ሁሉ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚል ይቅደመው።

ሲያልቅ የሚመስለው

«እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው አመልካች የሚከተለውን በቃለ መሐላ አረጋግጣለሁ።

1. የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በቡና ንግድ እተዳደራለሁ።

2. ለጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት እንድቀርብ የሚያዝ መጥሪያ ደርሶኛል።

3. በቀጠሮው ለመገኘት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከጅማ ተነሳሁ።

4. በዚያው ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ ጊቤ ሸለቆ ደረስኩ። የተገለበጠ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አየሁ።

5. ወዲያውኑ አዲስ አበባ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ አልሠራም።

6. መንገዱ እስከ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ድረስ አልተከፈተም። እኔና ሌሎች ተሳፋሪዎች እዚያው አደርን።

7. በዚያው ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 6፡00 ሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ። ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳዩ በሌለሁበት እንዲታይ መታዘዙን ነገረችኝ። ትእዛዙን በዚያው ቀን ራሴ አነበብኩ።

8. በቀጠሮው ያልቀረብኩት ከላይ በገለጽኩት ምክንያት ነው። ሆን ብዬ አልቀረሁም።»

ከመጀመሪያው ረዝሟል። ቢሆንም ነገሩ በቁጥር በቁጥር ስለተከፋፈለ፣ ተቃራኒው ወገን «ይህ ሐሰት ነው» ቢል የትኛውን እንደሆነ በቁጥር መጥራት ይኖርበታል። ተራ ቁጥር 4 ላይ ረቂቁ «ስንደርስ» ይል ነበር። «ደረስኩ» ያልኩት ያየው እሱ ስለሆነ ነው። ተራ ቁጥር 6 ላይ ግን «አደርን»ን ተውኩት፤ አብረው ያደሩ አሉና፣ ምናልባት አንዱ ምስክር ይሆናል።

ጮክ ብሎ ማንበብ

የመጨረሻው ዙር የባለጉዳዩ ነው። ወረቀቱን ከእጁ ውሰዱና አንብቡለት። ራሱ እንዲያነብ ከሰጣችሁት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያልፈዋል። በየቁጥሩ ቆማችሁ «ይህን አንተ ነህ ያየኸው?» በሉት። ትልቅ ሰው ከሆኑ «እርስዎ ነዎት ያዩት?» ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ይተርጉምለት። በአፋን ኦሮሞ ተነብቦለት መረዳቱም ከፊርማው በላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ያነበበለትም ሰው ይፈርም።

ከተፈረመ በኋላ ስህተት ከታየ በእስክርቢቶ አትነካኩት። በነጭ ቀለም መሸፈንማ ጭራሽ አይሆንም። አርማችሁ ሙሉውን እንደገና አትሙት። አንዱን ገጽ ብቻ አትቀይሩ፤ የሁለት ቀን ህትመት በወረቀቱም በቀለሙም ያስታውቃል። በየገጹ ግርጌ እንደገና አስፈርሙት፣ የድሮውን ደግሞ እዚያው ፊቱ ቅደዱት።